ሳጥኑ እጅግ ሲከብድ ቀመሩ ምን ይላል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሳጥን፣ ስለ አንድ ጭነትና ስለሚያገናኛቸው ገመድ ነው። ሳጥኑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሳጥኑ የተነሣው ገመድ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተተከለ ፑሊ ላይ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ጭነት ተንጠልጥሏል። የሳጥኑ መጠነ ቁስ M፣ የጭነቱ m ይሁን። በሳጥኑና በጠረጴዛው መካከል ሰበቃ አለ፤ ሰበቃው ከሳጥኑ ክብደት ምን ያህሉን እንደሚሆን የሚነግረንን ቁጥር μ እንበለው። ገመዱም ሆነ ፑሊው ለጊዜው ክብደት እንደሌላቸው እንቁጠር። ጭነቱ ሲወርድ ሳጥኑን ይጎትታል። የሁለቱ ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚጨምርበት ልክ፣ ማለትም ሽምጠጣቸው፣ ስንት ነው?

ስሌቱ አጭር ነው። ጭነቱን ክብደቱ ወደ ታች፣ የገመዱ ውጥረት T ደግሞ ወደ ላይ ይስቡታል። ሳጥኑን ውጥረቱ ወደ ፑሊው ይስበዋል፤ ሰበቃው ወደ ኋላ ይይዘዋል።

mg − T = ma
T − μMg = Ma

ሁለቱን ስንደምር T ይጠፋና የሚከተለውን እናገኛለን።

a = g(m − μM)/(m + M)

ጥያቄዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የመልስ ገጽ የለም፤ አጠገባችን የሚያርመን ሰው የለም። ይህ ቀመር ትክክል መሆኑን፣ ወይም ቢያንስ ስሕተት አለመሆኑን፣ በምን እንለያለን? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቁጥር መተካት ነው። M 3 ኪሎ ግራም፣ m 2 ኪሎ ግራም፣ μ 0.25 ቢሆን ሽምጠጣው 2.45 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይወጣል። ቁጥሩ ከg ያንሳል፤ ደህና ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ በችኮላ ሰበቃውን በሳጥኑ ፈንታ ከጭነቱ ክብደት ጋር አባዝቶት ቢሆንስ? ቀመሩ እንዲህ ይሆንበታል።

a = g(m − μm)/(m + M)

በእነዚያው ቁጥሮች 2.94 ይወጣል። ይህም ከg ያንሳል፤ ይህም ደህና ይመስላል። አሃዶቹም በሁለቱ ቀመሮች ውስጥ በትክክል ይገጥማሉ። ስለዚህ መካከለኛ ቁጥር አይፈርድልንም፤ ስለ መካከለኛው ሁኔታ አስቀድመን የምናውቀው ነገር የለምና። መልሱን ያለ ስሌት የምናውቀው በጽንፎቹ ላይ ነው። ሰበቃ ጨርሶ ሲጠፋ፣ አንዱ አካል ከሌላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ ጥያቄው ወደ ቀላል ጥያቄ ይወርዳል። ቀመሩን ወደዚያ ገፍተን፣ ከምናውቀው ጋር ይስማማ እንደሆነ እንጠይቀዋለን።

ከሰበቃው እንጀምር። μ ዜሮ ሲሆን ትክክለኛው ቀመር gm/(m + M) ይላል። የሚጎትተው የጭነቱ ክብደት ብቻ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ግን የሁለቱም መጠነ ቁስ ነው፤ ስለዚህ ይህ ልክ ነው። የተሳሳተው ቀመርም በዚህ ጽንፍ ላይ ያንኑ gm/(m + M) ይሰጣል። አያስገርምም፤ ስሕተቱ ያለው ሰበቃው ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ሰበቃውን አጠፋነው። አንድን ነገር ዜሮ አድርገን ስንፈትሽ ያ ነገር ትክክል መጻፉን እየፈተሽን አይደለም፤ የቀረውን ነው የምንፈትሸው። ሰበቃውን ለመመርመር ሰበቃው በሕይወት ያለበትን ሌላ ጽንፍ መፈለግ አለብን።

እንግዲህ ጭነቱን እጅግ ከባድ እናድርገው። m ከM በጣም ሲበልጥ ሳጥኑም ሰበቃውም ከቁጥር አይገቡም፤ ጭነቱ ገመድ እንዳልታሰረበት ሆኖ በነጻ ይወድቃል። ሽምጠጣው g መሆን አለበት። ትክክለኛው ቀመር እዚህ g ይሰጣል። የተሳሳተው ግን g(1 − μ) ይላል፤ በእኛ μ ይህ የg ሦስት አራተኛ ነው። ግዙፍ ጭነት በአንድ ቀላል ሳጥን ምክንያት የስበቱን ሩብ አጣ ማለት ነው፤ ይህ ሊሆን አይችልም። ተማሪው ስሕተቱን ያዘ። ከዚህም በላይ የት እንዳለ ያውቃል፤ የተረፈው μ ከm ጋር ተጣብቆ የቀረው ነውና፣ መመለስ ያለበት ሰበቃውን ወደ ጻፈበት መስመር ነው።

በዚያው ጽንፍ ላይ ውጥረቱንም እንመልከት። ከሁለቱ እኩልታዎች T ሲወጣ እንዲህ ይሆናል።

T = mMg(1 + μ)/(m + M)

m ገደብ የለሽ ሲሆን T ወደ Mg(1 + μ) ይጠጋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፤ ጭነቱ እንዲያ ከብዶ ውጥረቱ እንዴት በዚህ ልክ ይቆማል? ግን ሳጥኑን ብቻ ተመልከቱ። በg ሽምጠጣ እንዲሄድ Mg ያስፈልገዋል፤ ሰበቃውን ለማሸነፍ ደግሞ μMg። ድምሩ ያው ነው። ጭነቱ የቱንም ያህል ቢከብድ ገመዱ ከዚህ በላይ የሚወጠርበት ምክንያት የለም።

አሁን ዛሬ ወደ መጣሁበት ዋና ነገር እንሂድ። ሳጥኑን እጅግ ከባድ እናድርገው፤ M ከm በጣም ይብለጥ። ምን እንጠብቃለን? ትንሽ ጭነት ግዙፍ ሳጥን ሊጎትት አይችልም፤ ሳጥኑ ባለበት ይቀመጣል፤ ሽምጠጣው ዜሮ ነው። ቀመራችንስ? በላዕሉ μM፣ በታህቱ M ስለሚገንኑ የሚከተለውን ይሰጣል።

a → −μg

ዜሮ አልሆነም። እንዲያውም ኔጌቲቭ ነው። ሳጥኑ ከፑሊው እየራቀ፣ ጭነቱን ወደ ላይ እየጎተተ ይሄዳል እያለን ነው። ውጥረቱም ያንኑ ይመሰክራል፤ በዚህ ጽንፍ T ወደ mg(1 + μ) ይጠጋል፤ ማለትም ከጭነቱ ክብደት ይበልጣል። በቁጥር ለማየት M 10 ኪሎ ግራም ይሁን፤ m እና μ እንደነበሩ ይቆዩ። ሽምጠጣው −0.41 ያህል፣ ውጥረቱ 20.4 ኒውተን ያህል ይወጣል፤ የጭነቱ ክብደት ግን 19.6 ኒውተን ብቻ ነው። ሰበቃ የቆመን ነገር ራሱ ገፍቶ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ታዲያ ጥንቃቄ አድርገን ያወጣነው ቀመር ስሕተት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቀመሩን ቀድዶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ደግሞ ሲጀምር ያው ይወጣለታል። ወይም «ኔጌቲቭ ማለት ዜሮ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሚያስቆጭ ነው፤ ጽንፉ የሚነግረንን ነገር ሳንሰማው እንቀራለንና። የሚሻለው ቀመሩ የተወለደበትን መስመር ማንበብ ነው። T − μMg = Ma ብለን ስንጽፍ ሁለት ነገር አምነናል። አንደኛ፣ ሳጥኑ በእርግጥ እየተንሸራተተ ነው፤ ሰበቃው ሙሉውን μMg የሚሆነው በሚንሸራተት አካል ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ የሚንሸራተተው ወደ ፑሊው ነው፤ ሰበቃውን ወደ ኋላ ያስያዝነው ስለዚህ ነው። እነዚህ ሁለት እምነቶች በመጨረሻው ቀመር ውስጥ አይታዩም። ቀመሩ አያስታውሳቸውም፤ እኛ ነን ማስታወስ ያለብን።

አሁን በእነዚህ እምነቶች ውስጥ ቆመን −μgን እንደገና እናንብበው። ሳጥኑ አስቀድሞ ተገፍቶ ወደ ፑሊው እየተንሸራተተ ነው እንበል። M ከm እጅግ ስለሚበልጥ ገመዱ ለሳጥኑ ከቁጥር የማይገባ ነገር ነው። እንግዲህ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ተገፍቶ የተለቀቀ ሳጥን ምን ይሆናል? በሰበቃው ምክንያት ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚቀንሰውም በμg ልክ ነው፣ መጠነ ቁሱ ምንም ይሁን ምን። ቀመሩ የተናገረው ልክ ይህን ነው። ውጥረቱም ትክክል ነው፤ ጭነቱ እየወረደ ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሆነ ከክብደቱ በላይ የሆነ ኃይል ሊይዘው ይገባል፤ ትርፉም mμg ነው። ቀመሩ አልዋሸም። እኛ ስለ ቆመ ሳጥን ጠየቅነው፤ እርሱ ግን የሚያውቀው ስለሚንሸራተት ሳጥን ብቻ ነው።

ሳጥኑ ፍጥነቱ ዜሮ የሆነባት ቅጽበት ላይ የቀመሩ ዘመን ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰበቃ የዕረፍት ሰበቃ ነው፤ እርሱ ደግሞ የተወሰነ ዋጋ የለውም፤ ሚዛን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሆናል፣ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ። ሳጥኑ ቆሞ ሲቀር a = 0 እና T = mg ነው፤ ሰበቃውም mg ነው። ጣሪያውን የሚወስነውን ቁጥር μₛ ብንለው ሳጥኑ ከዕረፍት የሚነሣው m ከμₛM ሲበልጥ ብቻ ነው። μₛ አብዛኛውን ጊዜ ከμ ከፍ ስለሚል፣ በሁለቱ መካከል አንድ ክልል አለ፤ በዚያ ክልል የቆመ ሳጥን እንደቆመ ይቀራል፣ በእጅ ትንሽ ገፋ ቢደረግ ግን እየፈጠነ ይሄዳል። ስለዚህ የሙሉው ችግር መልስ አንድ ቀመር ብቻ አይደለም። ቀመሩና የሚሠራበት ወሰን አብረው ሲጻፉ ነው መልስ የሚሆኑት። ወሰኑን እንድንፈልግ ያስገደደን ደግሞ M ሲገንን ያየነው ያ የማይመስል ኔጌቲቭ ምልክት ነው።

ወደ ፑሊው ልለፍ፤ እዚህ የጽንፍ ፍተሻ ራሱ ወሰን እንዳለው ይታያል። እስካሁን ፑሊው ክብደት የለውም ብለናል። አሁን ዘንጉ ላይ ሰበቃ የሌለበት፣ ወጥ የሆነ ዲስክ ይሁን፤ መጠነ ቁሱን p እንበል። ገመዱ ሳይንሸራተት ሲያዞረው ትክክለኛው ቀመር እንዲህ ነው።

a = g(m − μM)/(m + M + p/2)

አንድ ሰው p/2 ሳይሆን p ብሎ ቢጽፍስ? p ዜሮ ሲሆን ሁለቱም ወደ ቀድሞው ቀመር ይመለሳሉ። p እጅግ ሲገዝፍ ሁለቱም ዜሮ ይሰጣሉ፤ ግዙፍ ፑሊ አይነቃነቅምና ይህም ልክ ነው። በሁለቱም ጫፍ አለፈ፣ ግን ስሕተት ነው። ጽንፎች የአንድን ብዜት ቁጥር፣ ግማሽ ይሁን ሙሉ፣ አያዩም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያዋጣው በጫፍ ላይ ያለ ሌላ ቅርጽ መፈለግ ነው። የፑሊው ቁስ በሙሉ ጠርዙ ላይ የተሰበሰበ ስስ ቀለበት ቢሆን እያንዳንዱ ቅንጣት ልክ እንደ ገመዱ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፤ ስለዚህ p በሙሉ መቆጠር አለበት። ቁሱ በሙሉ እምብርቱ ላይ ቢሰበሰብ ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስምና ዜሮ ይቆጠራል። የዲስክ ቁስ በሁለቱ መካከል የተበተነ ስለሆነ ድርሻው ከዜሮ በላይ፣ ከp በታች ነው። p ብሎ የጻፈው ሰው ዲስኩን ቀለበት አድርጎታል። ልክ ግማሽ መሆኑን ለማወቅ ግን ስሌቱን ራሱን መሥራት ያስፈልጋል፤ ፍተሻው እስከዚያ አያደርስም።

ይህ የወረቀት ላይ ጭንቀት ብቻ አልነበረም። ጆርጅ አትውድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1784 የገለጸው መሣሪያ በፑሊ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ጭነቶች ነበሩት። ሁለቱ ጭነቶች እኩል ወደ መሆን ሲጠጉ ሽምጠጣው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው በዓይንና በሰዓት ለመለካት እስኪመች ድረስ ይዘገያል። ሆኖም እዚያው ጽንፍ ላይ የሚጎትተው የሁለቱ ክብደት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ ጥቂት የዘንግ ሰበቃ እንኳ ልኬቱን ያበላሸዋል። አትውድ የፑሊውን ዘንግ በሌሎች ተሽከርካሪ ጎማዎች ላይ ያሳረፈው ይህን ሰበቃ ለመቀነስ ነበር።

እስካሁን ያየነው ሰበቃ የደረቅ አካላት ሰበቃ ነው። የፈሳሽ ሰበቃ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ከዕረፍት ተነሥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ትንሽ አካል፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚመጣጠን የመከላከል ኃይል bv ይገጥመዋል ብለን የፈሳሹን ወደ ላይ መግፋት ብንተው፣ ፍጥነቱ ይህ ነው።

v = (mg/b)(1 − e^(−bt/m))

ሰበቃው ዜሮ ሲሆን gt እንጠብቃለን። ነገር ግን b በዜሮ ብንተካ በዜሮ ማካፈል ይመጣብናል። ጽንፍ መፈተሽ ማለት ዜሮን መጻፍ ማለት ስላልሆነ፣ ወደ ዜሮ ስንጠጋ የሚሆነውን እንይ። bt/m ትንሽ ሲሆን e^(−bt/m) ን ወደ 1 − bt/m + (bt/m)²/2 መዘርዘር እንችላለን፤ ከዚያም

v ≈ gt − gbt²/(2m)

ይወጣል። የመጀመሪያው ቁራጭ የጠበቅነው ነው፤ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ስለሆነ መከላከሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም መሆን ያለበት ነው። b ትንሽ ነው ማለት ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር? ትንሽ መሆን ያለበት bt/m ነው። m/b 2 ሴኮንድ ቢሆን፣ በ0.1 ሴኮንድ ላይ ትክክለኛው ፍጥነት 0.956 ሜትር በሴኮንድ ነው፣ gt ደግሞ 0.98፤ ተቀራራቢ ናቸው። በ6 ሴኮንድ ላይ ግን ትክክለኛው 18.6፣ gt 58.8 ነው። b አልተለወጠም፤ ጊዜው ነው የረዘመው።

ከዚህ ቀመር የምወደው ነገር b እና m ዘወትር b/m ሆነው በአንድነት መምጣታቸው ነው። ስለዚህ እዚህ «ሰበቃ የለም» ማለትና «መጠነ ቁሱ እጅግ ትልቅ ነው» ማለት አንድ ጽንፍ ናቸው፤ ሁለቱም gt ይሰጣሉ። ጠረጴዛው ላይ ግን ሳጥኑን ማክበድ ሰበቃውን ጨርሶ አላስረሳም፤ −μg ላይ ጣለን። ልዩነቱ የመጣው ደረቅ ሰበቃ ከሳጥኑ ክብደት ጋር አብሮ ስለሚያድግ ነው፤ የፈሳሹ መከላከል ግን የአካሉን መጠነ ቁስ አያውቅም። አንድ ሰው የደረቅ ሰበቃ ቀመር አውጥቶ «መጠነ ቁሱ ሲገንን ሰበቃው ይረሳል» የሚል ውጤት ካገኘ፣ μMg በሚገባበት ቦታ M የጎደለው ሰበቃ ጽፏል ብሎ መጠርጠር ይገባዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ነበር። «በተዳፋት ላይ ሳይንሸራተት የሚንከባለል ወጥ ኳስ ሽምጠጣው (5/7)g sinθ ነው ተብለናል። ሰበቃው ዜሮ ሲሆን g sinθ መሆን ነበረበት። ቀመሩ ውስጥ ግን ዜሮ የማደርገው μ ጨርሶ የለም» አለች።

ጥያቄዋ የሳጥኑ ታሪክ በሌላ ልብስ ነው፤ እዚህም ቀመሩ የማይታይ ወሰን አለው። ኳሱ እንዲንከባለል የሚያስፈልገው ሰበቃ (2/7)mg sinθ ነው። ይህ የዕረፍት ሰበቃ ነው፤ ከጣሪያው በታች እስከሆነ ድረስ ጣሪያው የት እንዳለ ቀመሩ አይጠይቅም፤ μ የጠፋው ለዚህ ነው። ጣሪያው μmg cosθ ስለሆነ፣ ለቀላልነት ሁለቱን የሰበቃ ቁጥሮች እኩል ብናደርግ፣ ቀመሩ የሚሠራው μ ከ(2/7)tanθ ሳያንስ ብቻ ነው፤ ለ30 ዲግሪ ተዳፋት ይህ 0.165 ያህል ነው። μ ከዚያ ሲወርድ ኳሱ መንሸራተት ይጀምራል፤ ቀመሩም ይለወጣል።

a = g(sinθ − μ cosθ)

በዚህኛው ውስጥ μ ዜሮ ሲሆን የጠበቀችው g sinθ ይመጣል። ድንበሩ ላይም μ = (2/7)tanθ ብንተካ ሁለተኛው ቀመር g(sinθ − (2/7)sinθ) ይሆናል፤ ማለትም (5/7)g sinθ። ሁለቱ ቀመሮች ድንበራቸው ላይ ምንም ክፍተት ሳይኖር ይገናኛሉ። በድንበሩ ላይ ባይገናኙ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም ድንበሩ ራሱ፣ በስሕተት እንደተጻፈ እናውቅ ነበር።